የተደበቀው ኩብ እንዴት ይቆጠራል?

ለለገዳዲ ተማሪዎቼ፦ የተደረደሩ ኩቦችን ከሥዕሉ ላይ አንድ በአንድ አትቁጠሩ። ወለሉን ከላይ እንደሚታይ በካሬ ሳሉና በየካሬው የቁልሉን ከፍታ ጻፉ።

ከኋላ፦ 3 3 2
መሃል፦ 3 2 1
ከፊት፦ 2 1 1

ድምሩ 18 ነው። 3 በተጻፈበት ቦታ የላይኛው ኩብ ብቻ ቢታይም ከሥሩ ሁለት አሉ፤ ኩብ አየር ላይ አይቆምምና። ከረጅም ቁልል ጀርባ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ካሬ ካለ ግን ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄው ራሱ መግለጽ አለበት።

ቀለምስ? መሬት ላይ የተቀመጠ 4×4×4 ቁልል ከታች በቀር በሁሉም ፊቱ ተቀባ እንበል። ምንም ቀለም ያልነካቸው ስንት ናቸው? ብዙዎች 8 ይላሉ፤ እሱ ስድስቱም ፊት ሲቀባ ነው። እዚህ ከአራቱ ጎኖችና ከላይ አንድ አንድ ንብርብር እንቀንሳለን፣ ከታች አንነካም፦ 2×2×3 = 12።