የትኛው ክፍል ነው የሚጮኸው? የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ድምፅ አመጣጥ

በሥራ ላይ ያለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ ምንጩን በጆሮ ብቻ ለማግኘት መሞከር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ኬዙ የብረት ሣጥን ስለሆነ በአንድ ጥግ የተነሣው ንዝረት በሌላው ጥግ በኩል ይሰማል፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ከግድግዳና ከጠረጴዛ ጋር እየተጋጨ አቅጣጫው ይጠፋል። ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደመጣ ከመገመት በፊት ምን ሲደረግ እንደሚለወጥ ማየት ይሻላል። ከሥራው ጫና ጋር የሚለወጥ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። ከመሽከርከር ፍጥነት ጋር የሚለወጥ ከሆነ የፋን ወይም የፓምፕ ነው። በእጅ ሲነኩት ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ የላላ ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት ድምፁ የኮምፒውተሩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በብዙ ቤትና ቢሮ ከዴስክቶፑ ጎን ዩፒኤስ ወይም ስታብላይዘር ይቀመጣል። በውስጣቸው ያለው ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚንዘር ወፍራም እምታ ያሰማል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እምታው ከቀጠለ ኬዙን መክፈት አያስፈልግም።

ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድና ሦስት የኬዝ ፋኖች ያሉት ኮምፒውተር ይታሰብ። ጌም ሲከፈት ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ማሽኑ ሥራ ሳይኖረውም የማያቋርጥ እምታ አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ የብረት መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ይጠፋልም። እንዲህ ሦስቱ ሲደራረቡ አንድ ብልሽት ይመስላሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ማየት ግን ይቻላል።

ፉጨቱ ከጌሙ ጋር አብሮ መነሣቱ ጥሩ ፍንጭ ነው። በግራፊክስ ካርዱ፣ በማዘርቦርዱና በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክሉ የሽቦ ጥቅልሎች፣ ባለሙያዎች ኮይል የሚሏቸው፣ አሉ። በውስጣቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የማግኔቱ ኃይል ሽቦውንና እምብርቱን በጥቂቱ ይስባል፣ ይለቃል። ይህ መወጠርና መላላት በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ ከዋለ የሰው ጆሮ ይሰማዋል። ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ሲሠራ ኃይል ይስባል፣ ሲጨርስ ደግሞ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሴኮንድ የሚሠራቸው ምስሎች ሲበዙ ፉጨቱ ይቀጥናል። ከባዱ የጌም ክፍል ላይ ዝም ያለ ካርድ ቀላሉ መነሻ ሜኑ ላይ የሚጮኸውም ለዚህ ነው፦ ሜኑው ቀላል በመሆኑ ካርዱ በሴኮንድ ብዙ መቶ ምስሎችን ሊያወጣ ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። በጌሙ ወይም በካርዱ ማስተካከያ ውስጥ የምስሎቹ ቁጥር በሴኮንድ በ60 ይገደባል። ፉጨቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ወይም ከወፈረ ምንጩ ኮይል ነው፤ ፋኖች ፍጥነታቸውን የሚለውጡት ቀስ ብለው ስለሆነ በቅጽበት ዝም አይሉም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ካርዱ ነው ወይስ ፓወር ሰፕላዩ የሚል ነው። ካርዱ ኃይል ሲስብ ፓወር ሰፕላዩም አብሮ ስለሚሠራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊጮኹ ይችላሉ። ጥቅል ወረቀት እንደ ቱቦ ተደርጎ አንዱ ጫፍ በጆሮ፣ ሌላው በካርዱ አጠገብ ሲያዝ፣ ከዚያም ወደ ፓወር ሰፕላዩ መተንፈሻ ሲዞር፣ የድምፁ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ቱቦው የሚሽከረከር ፋን እንዳይነካ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ልዩነቱ ካልታወቀ የሚያረጋግጠው ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተክቶ መሞከር ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሊገድል የሚችል ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

የኮይል ፉጨት ካርዱን አይጎዳውም፣ ዕድሜውንም አያሳጥርም። ስለዚህ ሻጩ እንደ ብልሽት ላይቆጥረው ይችላል። የምስሉን ቁጥር ከስክሪኑ አቅም ጋር ማመጣጠንና የካርዱን የኃይል ጣሪያ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ድምፁን ብዙ ጊዜ ያረግቡታል፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋታቸው ግን እርግጠኛ አይደለም።

የማያቋርጠው እምታ ጌም ተከፈተም ተዘጋም አይለወጥም። ይህ ፓምፑን ያስጠረጥራል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ የፓምፑ ፍጥነት እንደ ፋኖቹ ከሙቀቱ ጋር ከፍና ዝቅ አይልም። በባዮስ ውስጥ የፓምፑ ፍጥነት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ይታያል። ለጥቂት ደቂቃ ከ2,800 ወደ 2,000 ዙር ሲወርድ የእምታው ቃና አብሮ ከወረደ ድምፁ የፓምፑ ነው። ፈተናው ሲካሄድ የፕሮሰሰሩን ሙቀት መከታተል ግድ ነው፤ ፓምፑን መንቀል ግን ፈተና ሳይሆን አደጋ ነው።

በምሳሌው ኮምፒውተር እምታው ከመንደቅደቅ ጋር ነው የሚሰማው። መንደቅደቁ በፈሳሹ ውስጥ አየር መኖሩን ይናገራል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ቦታ ስለሚወጣ ራዲያተሩ የተገጠመበት ከፍታ ወሳኝ ነው። ይህ ራዲያተር በኬዙ ፊት ዝቅ ብሎ በመታሰሩ የላይኛው ጫፉ ከፓምፑ በታች ውሏል፤ አየሩም ፓምፑ ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል። ራዲያተሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ጫፉ ከፓምፑ በላይ ሲሆን አየሩ ወደዚያ ይሄዳል፣ መንደቅደቁም ይቆማል። አዲስ በተገጠመ ማሽን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሲበራ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰማ መንደቅደቅ አያስጨንቅም። ለወራት የሚዘልቅ ከሆነ ግን ፓምፑ ያለ በቂ ፈሳሽ እየዞረ ቶሎ ያልቃል።

የብረቱ መንቀጥቀጥ ከሦስቱ ለማግኘት የሚቀልለው ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ የጎኑ ሽፋን፣ የፊቱ ሽፋንና የላዩ ማጣሪያ አንድ በአንድ በመዳፍ ቀስ ተብለው ይጫናሉ፤ ድምፁ ሲቆም የተነካው ክፍል ይጠበቃል ወይም ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ ይደረግለታል። ሽፋን ተነክቶ ካልቆመ የኬዝ ፋኖቹ ይፈተሻሉ። ማሽኑ ጠፍቶ አንዱ ፋን ይነቀላል፣ ከዚያ በርቶ ይደመጣል፤ ከፕሮሰሰሩ ፋን በቀር እያንዳንዱ በተራው። ጥፋተኛው ሲታወቅ ኬብል ከክንፉ ጋር መነካካቱንና ብሎኑ መጥበቁን ማየት ይቀድማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያታልል ነገር አለ። መንቀጥቀጡ ፋኑ በደቂቃ 1,050 ዙር ሲደርስ ተነሥቶ በ1,150 ሊጠፋ ይችላል፣ ፋኑ ግን ጤነኛ ነው። የፋኑ ንዝረት ከሽፋኑ የራሱ የንዝረት ልክ ጋር ስለተገጣጠመ ነው ሽፋኑ የሚያስተጋባው። በባዮስ ውስጥ ፋኑ በዚያ ፍጥነት ላይ እንዳይቆይ ቢደረግ ድምፁ ይጠፋል። በየትኛውም ፍጥነት የሚያፋጭ ፋን፣ በተለይ ጠዋት ሲበራ ጎልቶ ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ የመሽከርከሪያ ቋቱ ስላለቀ መቀየር አለበት። ሃርድ ዲስክ ካለም ንዝረቱ ወደ ኬዙ ይተላለፋል፤ በደቂቃ 7,200 የሚዞረው በሴኮንድ 120 ጊዜ ስለሚንዘር ወፍራም እምታ ይሰጣል፣ በላስቲክ ማሰሪያ ላይ ሲቀመጥም ይረግባል። ዲስኩ በየተወሰነ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ሌላውን ፍለጋ ትቶ ወዲያውኑ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል።