ሠላሳ ሰከንድ ስንት ዕቃ ይሸከማል?

የበዓል ቅናሽን የሚያስተዋውቅ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ሳይሳካ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ካሜራው ወይም ተራኪው ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀረጻው በፊት፣ ስክሪፕቱ ላይ የተፈጠረ ነው። ስክሪፕቱ የድርጅቱን ታሪክ፣ የሚሸጡትን ዕቃዎች ዝርዝር፣ የበዓሉን መልካም ምኞትና ሦስት ስልክ ቁጥር አንድ ላይ ያጭቃል፤ ተራኪውም ለመጨረስ ይሮጣል። ማስታወቂያው ሲያበቃ ተመልካቹ ቅናሽ መኖሩን እንጂ ምን፣ በስንት፣ እስከ መቼ እንደሚሸጥ አይይዝም። እኔ የምሟገተው ለአንድ ሐሳብ ነው፦ ሠላሳ ሰከንድ የሚሸከመው አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ቀንና አንድ ቦታ ብቻ ነው። እነዚህ አራቱ በድምፅም በምስልም ለየብቻቸው መሰማትና መታየት አለባቸው፤ የቀረው ሁሉ ወይ ለምስል ይተው ወይ ይውጣ።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ከሠላሳው ሰከንድ መግቢያና መውጫው፣ በዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ትንፋሽና ምስል ብቻውን የሚናገርባቸው ቦታዎች ሲቀነሱ ለተራኪው የሚቀረው ሃያ አምስት ሰከንድ ያህል ነው። ሳይጣደፍ የሚያነብ ተራኪ በሰከንድ ሁለት የአማርኛ ቃል ያህል ያነባል፤ ግሳችን ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ ቃላችን ረጅም ነው። ስለዚህ ጣሪያው ሃምሳ ቃል ነው፤ ከአርባ በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል። አሁን በብዙ ማስታወቂያ መክፈቻ ላይ የሚሰማውን ዓይነት አነጋገር እንቁጠር፦ «ድርጅታችን ለመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ እያለ መልካም ምኞቱን ይገልጻል።» 13 ቃል ነው፤ ስድስት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል። ስለ ቅናሹ አንድም ነገር ሳይነገር ከተገዛው የአየር ሰዓት ከአንድ አምስተኛው በላይ ያልቃል። ቁጥርም ያታልላል። «7,200 ብር» ወረቀት ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ሲነበብ ግን «ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር» ሆኖ አምስት ቃል ይሆናል። ስልክ ቁጥር ደግሞ አሥር አኃዝ ነው፤ አንዴ ሰምቶ የሚይዘው ሰው ስለማይኖር የስልክ ቦታው ስክሪኑ ነው።

ምሳሌ እንሥራ። መርካቶ ያለ የቤት ዕቃ ሱቅ ለአዲስ ዓመት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ9,000 ብር ወደ 7,200 ብር ዝቅ አድርጎ እስከ ጳጉሜ 5 ይሸጣል እንበል። ስክሪፕቱ በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው። እዚህ ከላይ ወደ ታች ላስቀምጠው።

ከ0 እስከ 4 ሰከንድ
ምስል፦ አክንባሎ ሲነሳ፤ የእንጀራው ግማሽ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ ደንቁሯል።
ድምፅ፦ በዓል ደረሰ፤ ምጣዱ ግን ግማሹ አይግልም።

ከ4 እስከ 11 ሰከንድ
ምስል፦ አዲስ ምጣድ፤ ሊጥ ከዳር ወደ መሃል ይዞራል፤ ዓይኑ እኩል ሲከፈት በቅርብ ይታያል።
ድምፅ፦ አዲሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይግላል። (ከዚያ የምጣዱ ድምፅ ብቻ)

ከ11 እስከ 18 ሰከንድ
ምስል፦ ምጣዱ ሙሉውን፤ «9,000 ብር» ይሰረዛል፣ «7,200 ብር» በትልቁ ወጥቶ አራት ሰከንድ ይቆያል።
ድምፅ፦ ለአዲስ ዓመት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር።

ከ18 እስከ 25 ሰከንድ
ምስል፦ ከመንገዱ ማዶ የሱቁ በር፤ ጽሑፍ፦ «እስከ ጳጉሜ 5» እና አድራሻው።
ድምፅ፦ እስከ ጳጉሜ አምስት፤ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ፊት ለፊት።

ከ25 እስከ 30 ሰከንድ
ምስል፦ እንጀራው መሶብ ላይ፣ አጠገቡ አደይ አበባ፤ የሱቁ ስምና ስልክ።
ድምፅ፦ የሱቁ ስም። መልካም አዲስ ዓመት።

ከሱቁ ስም ሌላ 32 ቃል ነው። ተራኪው የሚሮጥበት ምክንያት የለም፤ በሁለተኛው ክፍል ለምጣዱ ድምፅ ሦስት ሰከንድ ያህል ተርፏል። ምስሉ የሠራውንም እንመልከት። ግማሹ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ምን ማለት እንደሆነ ለጋጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምጣድ ሙቀቱ ሲዛባ የሚሆነውን ታውቀዋለች። ስለዚህ «ጥራቱን የጠበቀ»፣ «አስተማማኝ» የሚሉ ቅጽሎች አላስፈለጉም፤ እኩል የተከፈተው ዓይን ማስረጃቸው ሆኗል። ቅናሹም በመቶኛ ሳይሆን በብር ተነግሯል። «20 በመቶ» ሲባል ተመልካቹ ከስንት ላይ እንደሚቀነስ ካላወቀ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሁለቱ ዋጋዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን 1,800 ብር እንደሚተርፈው ራሱ ያያል። የተሰረዘው 9,000 ግን ሱቁ በእርግጥ ሲሸጥበት የነበረ ዋጋ መሆን አለበት። ለበዓል ሲባል ከፍ ተደርጎ የተሰረዘ ዋጋ ሸማችን ማሳሳት ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። ስክሪፕት ጸሐፊ ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን ሽያጭ ደረሰኝ መጠየቅ ይገባዋል።

ነጋዴው የሚያነሳው የመጀመሪያ ቅሬታ ተገቢ ነው፦ «ሱቄ ውስጥ ብዙ ዕቃ አለ፤ ለአንድ ምጣድ ብቻ ለምን ልክፈል?» የሚል። ነገር ግን የዕቃ ዝርዝር ሲነበብ እያንዳንዱ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይደርሰዋል፤ አንዱም ዋጋ አይኖረውም። የሚሻለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል በሌላ ዕቃ እየተኩ፣ መክፈቻውንም ከዕቃው ጋር እያስማሙ፣ በአንድ ቀን ቀረጻ ሁለት ወይም ሦስት ማስታወቂያ ማውጣት ነው። የሱቁ በርና መዝጊያው ሳይለወጡ ያገለግላሉ። በምጣዱ የመጣ ገዢ ሌላውን ዕቃ ሱቁ ውስጥ ያየዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰላምታው ጋር የተያያዘ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ሳይሉ ወደ ዋጋ መግባት ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ስሜቱን አከብራለሁ። ሆኖም አደይ አበባው፣ መሶቡና መዝጊያው ላይ ያለችው ምኞት ያንኑ አክብሮት ይገልጻሉ። ባንክ ወይም አየር መንገድ የሚሸጥ ነገር ሳይጠቅስ በዓልን ብቻ ለማክበር ከወጣ ሠላሳውንም ሰከንድ ለሰላምታ ቢያውለው ትክክል ነው፤ መልእክቱ እሱ ራሱ ነውና። ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ምስል የሚናገረውን ድምፅ መድገሙ ብክነት አይደለም ወይ? ለአራቱ ነገሮች አይደለም። የበዓል ዋዜማ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ተከፍቶ የቤቱ ሰው ወጥ ቤት ነው፤ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ያው ቪዲዮ በስልክ ሲታይ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ድምፁን ዘግቶታል። ድግግሞሽ ብክነት የሚሆነው ሊጡ ሲዞር እየታየ «ሊጡ ሲዞር ይመልከቱ» ሲባል ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ለቀረጻ ከመላኩ በፊት ሦስት ፈተና ይለፍ። መጀመሪያ ሰዓት ተይዞ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ንባቡ ከሃያ አምስት ሰከንድ ካለፈ ዓረፍተ ነገር ይቀነስ እንጂ ተራኪው «ፍጠን» አይባል። ቀጥሎ ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው ድምፁ ብቻ ይነበብለት፤ በመጨረሻም ለሌላ ሰው የምስሉ ዓምድ ብቻ ይሰጠው። ሁለቱም ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና ቦታውን መልሰው መናገር አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የጎደለበትን ዓምድ ማስተካከል በዚህ ጊዜ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ከቀረጻ በኋላ ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ ባለሙያና ሌላ ክፍያ ይጠይቃል፤ ቅናሹም ጳጉሜ 5 ላይ ስለሚያበቃ ያን ጊዜ የሚመልሰው የለም።