ስዋፑ ዛሬ ስንት ያወጣል?

አሜሪካ ውስጥ ሕንፃ በባንክ ብድር የገዛ ድርጅት፣ ጊዜው ሳይደርስ ሕንፃውን ሲሸጥ ብድሩን ስለከፈለ ብቻ ከባንኩ አይላቀቅም። የብድሩ ወለድ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ከብድሩ ጎን «የወለድ ስዋፕ» የሚባል ሌላ ውል ሳይፈረም አይቀርም። ሽያጩ ሲቃረብ ታዲያ ከባንኩ አንድ ወረቀት ይመጣል፤ ስዋፑን ለማፍረስ ይህን ያህል ይከፈልዎታል፣ ወይም ይህን ያህል ይከፍላሉ ይላል። ቁጥሩ መቶ ሺዎችን ሊሻገር ይችላል። ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ዶላር በተለዋዋጭ ወለድ ተበድሯል። ወለዱ ይንርብኛል ብሎ ስለሰጋ የአምስት ዓመት ስዋፕ ፈረመ። በውሉ መሠረት ድርጅቱ በየዓመቱ ለባንኩ ቋሚ 3 በመቶ፣ ማለትም 300,000 ዶላር ይከፍላል። ባንኩ ደግሞ በዚያው 10 ሚሊዮን ላይ የታሰበ የገበያ ወለድ ይከፍለዋል። ዛሬ ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ ሶፈር ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት የዕዳ ሰነድ ተይዞበት ለአንድ ሌሊት በሚሰጥ ብድር ላይ የሚታይ ወለድ ሲሆን፣ የኒውዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየሥራ ቀኑ ያወጣዋል። ድርጅቱ ከስዋፑ የሚያገኘውን ተለዋዋጭ ወለድ ለብድሩ ወለድ ያውለዋል፤ በእጁ የሚቀረው ግዴታ 3 በመቶው፣ እንዲሁም ባንኩ በብድሩ ላይ የጨመረው ትርፍ ነው። 10 ሚሊዮኑ ራሱ በስዋፑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ወለድ ለማስላት ብቻ የተጻፈ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ እንበል፤ ሦስት ዓመት ይቀራል፣ የዘንድሮው ክፍያም ትናንት ተጠናቋል። ስዋፑ ዛሬ ስንት ያወጣል? ድርጅቱ የሚከፍለው የታወቀ ነው። የሚቀበለው ግን ወለዱ ወደፊት በሚሆነው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ማንም አያውቀውም። አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ከሁለቱ ወገኖች ለመገመት የሚቀልለው ይኸው ያልታወቀው መሆኑ ነው።

መላው እንዲህ ነው። በመጨረሻው ቀን ድርጅቱ ለባንኩ 10 ሚሊዮን፣ ባንኩም ለድርጅቱ 10 ሚሊዮን ይሰጣሉ ብለን እናስብ። አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋ በውሉ ላይ ምንም አልተለወጠም። አሁን ግን እያንዳንዱ ወገን ቦንድ መስሏል። ድርጅቱ በየዓመቱ 3 በመቶ ከፍሎ መጨረሻ ላይ ዋናውን የሚመልስበት ቋሚ ወለድ ያለው ቦንድ ሸጧል፤ በምትኩ የገበያውን ወለድ የሚከፍል ተለዋዋጭ ቦንድ ይዟል። የስዋፑ ዋጋ የያዘው ቦንድ ዋጋ ሲቀነስ የሸጠው ቦንድ ዋጋ ነው።

ተለዋዋጩን ቦንድ ከመጨረሻው ዓመት ጀምረን ወደ ኋላ እንየው። በመጨረሻው ዓመት መግቢያ የገበያው ወለድ 7 በመቶ ቢሆን፣ ቦንዱ ከዓመት በኋላ 10.7 ሚሊዮን ይከፍላል። ይህን ወደ ዓመቱ መግቢያ ለመመለስ የምናካፍለውም በዚያው 7 በመቶ ስለሆነ ውጤቱ 10 ሚሊዮን ይመጣል። ወለዱ 2 በመቶ ቢሆንም ያው 10 ሚሊዮን ነው፤ የሚከፈለው ሲያንስ የሚቀነሰውም አብሮ ያንሳል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መግቢያም ነገሩ አይለወጥም፤ ዓመቱ ሲያልቅ በእጅ የሚኖረው ወለዱና 10 ሚሊዮን የሚያወጣ ቦንድ ነውና። እንዲህ እያልን ዛሬ ድረስ እንመጣለን። ክፍያ በተጠናቀቀ ማግስት ተለዋዋጩ ቦንድ የሚያወጣው የተጻፈበትን፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስለ ወደፊቱ ወለድ መተንበይ አላስፈለገንም።

የቀረው ቋሚው ቦንድ ነው። የዛሬው ገበያ ለአንድ ዓመት 5 በመቶ፣ ለሁለት ዓመት በዓመት 4.5 በመቶ፣ ለሦስት ዓመት በዓመት 4.2 በመቶ ይከፍላል እንበል። ከዓመት በኋላ የሚከፈለው 300,000 ዛሬ 285,714 ዶላር ያወጣል። የሁለተኛው ዓመት 300,000 ሁለት ጊዜ በ1.045 ሲካፈል 274,719 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ወለዱና ዋናው ተደምረው 10,300,000 ናቸው፤ ሦስት ጊዜ በ1.042 ሲካፈሉ 9,104,038 ይሆናሉ። ድምሩ 9,664,471 ዶላር ነው። ከ10 ሚሊዮን ላይ ሲቀነስ 335,529 ይቀራል። ስዋፑ ዛሬ ቢፈርስ ባንኩ ለድርጅቱ የሚከፍለው ይህን ነው።

ውጤቱን በሌላ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። በዚሁ ገበያ ዛሬ የሦስት ዓመት ስዋፕ የሚፈርም ሰው ቋሚ ወለዱ 4.22 በመቶ ገደማ ይሆንበታል። ድርጅታችን 3 በመቶ ብቻ ስለሚከፍል በዓመት 122,000 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። የሦስቱን ዓመት ትርፍ በየጊዜው ወደ ዛሬ ብንመልሰው ተመልሰን 335,500 ገደማ ላይ እንደርሳለን። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንዱ ላይ ስሕተት አለ።

ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚገባው በሁለት ክፍያዎች መካከል ነው። ከመጨረሻው ክፍያ ስድስት ወር ካለፈ ተለዋዋጩ ቦንድ 10 ሚሊዮን ብቻ አይደለም። ሶፈር በእነዚያ ወራት በዓመት 5 በመቶ አካባቢ ከነበረ፣ የተጠራቀመው ወለድ 250,000 ዶላር ገደማ ስለሚሆን ቦንዱ ወደ 10.25 ሚሊዮን ይጠጋል። በቋሚው ቦንድ በኩልም ግማሽ ዓመት የተጠራቀመው 150,000 በዋጋው ውስጥ መግባት አለበት። በአንዱ በኩል ቆጥሮ በሌላው በኩል የዘነጋ ሰው ከስዋፑ ጠቅላላ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ስሕተት ይሠራል። ምልክቱም ዋጋው በክፍያው ቀን ያለምክንያት ዘሎ መታየቱ ነው።

ዘዴው የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። 10 ሚሊዮኑ ሳይዛነፍ የመጣው፣ ቦንዱ የሚከፍለው ወለድና የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ የምንመልስበት ወለድ አንድ ስለሆኑ ነው። በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ባንኮች እርስ በርስ ለመበዳደር ሲፈራሩ፣ ያኔ መለኪያ የነበረው ላይቦር ከአንድ ሌሊት ወለድ እጅግ ርቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በላይቦር የሚከፈለውን በሌላ ወለድ ወደ ዛሬ መመለስ ስለተለመደ ቀላሉ መንገድ ለላይቦር ስዋፕ በትክክል አይሠራም ነበር። የዶላር ላይቦር ሰኔ 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በባንኮች ግምት መውጣቱ አብቅቶ ሶፈር ሲተካው፣ ክፍያውም ማካፈያውም እንደገና ተገናኙ። ሌላው ጥንቃቄ የቦንዱን ሥዕል ቃል በቃል አለመውሰድ ነው። እውነተኛ ቦንድ የሸጠ ቢከስር 10 ሚሊዮኑ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ባንኩ ዛሬ ቢከስር ግን ድርጅቱ ከስዋፑ የሚያጣው ቢበዛ 335,529 ዶላሩን ነው።

ቁጥሩ ሁልጊዜ ለድርጅቱ አያዳላም። በዚያው ቀን የሁሉም ዓመታት ወለድ 1.5 በመቶ ቢሆን ኖሮ ቋሚው ቦንድ 10,436,830 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ተለዋዋጩ ግን ከ10 ሚሊዮን ንቅንቅ አይልም። ያኔ 436,830 ዶላር ከፋዩ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ሕንፃውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ዋጋ ከመስማማቱ በፊት ለባንኩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስሌቱ የየትኛው ቀን ነው? ለእያንዳንዱ ዓመት የተጠቀማችሁት ወለድ ስንት ነው? የተጠራቀመው ወለድ ተካቷል? መልሱን ይዞ በካልኩሌተር የሚያገኘው ቁጥር ከባንኩ በጥቂቱ ቢለይ፣ ባንኩ ውሉን ለማፍረስ የጨመረው ክፍያ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ማብራሪያው በጽሑፍ እስኪመጣ ፊርማውን ማቆየት ይበጃል።