በቅጹ ራስጌና በጣት አሻራው መካከል

ዱራሜ ላይ ለተከሳሽ እንድከራከር የወንጀል መዝገብ ሲሰጠኝ ከክሱ በፊት የማነበው ተጠርጣሪው ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ነው። የቅጹ ራስጌ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንደተነገረው ይገልጻል። ግርጌው ላይ ደግሞ የጣት አሻራ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ምን እንደተደረገ ነው።

በሬ ሰርቀሃል የተባለ፣ ከከምባትኛ ሌላ የማይናገር ገበሬ እናስብ። በአማርኛ የተጻፈው ቃሉ፣ የማይገባኝን ብልጽግና ለማግኘት በማሰብ በሬውን ፈትቼ ወሰድኩ ይላል። እንዲህ የሚናገር ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ አነጋገሩ የወንጀል ሕጉ የቁጥር 665 ነው። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሳይ አስተርጓሚውን እፈልጋለሁ። ስምና ፊርማ ከሌለ ማስጠንቀቂያው በማን አንደበት ደረሰው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(2) ማስጠንቀቂያው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 27 አስተርጓሚ ይጠይቃል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ለተገኘ ቃል ግን ይህን ያህል ግልጽ ዐረፍተ ነገር የለም። ስለዚህ የምከራከረው ዝም ማለት እንደሚችል ያልሰማ ሰው የሚናገረው የግድ መስሎት ነው ብዬ ነው። አንዳንዱ ዳኛ ይቀበለኛል፤ ሌላው ቃሉን ከማስረጃነት ሳያስወጣ ክብደቱን ብቻ ይቀንሳል። ለእኔ ሁለተኛው ውሳኔ ግማሽ መንገድ ነው።

ዐቃቤ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚመካው ግን በቁጥር 35 መሠረት ዳኛ ፊት በተሰጠ የእምነት ቃል ነው። ዳኛው ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥና ይህንኑ በመዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። እኔ የማየው ጥያቄው ምን እንደነበር ነው። «በፈቃድህ ነው?» «አዎ» ብቻ ከሆነ አልረካም። መርማሪው ክፍሉ ውስጥ ነበር? ሰውየው ከዳኛው ፊት ወጥቶ የተመለሰው ወደመጣበት ፖሊስ ጣቢያ ነው? ወደዚያው እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ዳኛ ፊት ደፍሮ ተመታሁ አይልም።

ቃሉ ወጣ ማለት ተከሳሹ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሬውን ሲነዳ ያየው ምስክር ካለ ክሱ በዚያ ይቀጥላል።

ብዙ ጊዜ የሚጎዳን መገደዱን ለመናገር መዘግየት ነው። ከወራት በኋላ በመከላከያ ላይ ተደብድቤ ነው ሲባል ቁስሉ ጠፍቶ፣ የሐኪም ወረቀትም ሳይኖር ይቀራል። ዘመድ የታሰረባችሁ ሁሉ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የደረሰበትን በዚያው በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ እንዲናገር ምከሩት፤ በመዝገብ እንዲጻፍለትና ሐኪም እንዲያየው ትእዛዝ እንዲሰጥለትም ይጠይቅ።