አንድ ከመቶ ስሕተት፣ አንድ አምፔር ውሸት

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያለው የሶላር መብራት ያስገባ ሰው ሁልጊዜ ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ፦ ባትሪው አሁን እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ? በስንት አምፔር? ይህን የሚያሳይ መለኪያ ለመሥራት ሁለት ኦፕአምፖች፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማያልፍ ስሌት ይበቃሉ። አንዱ ኦፕአምፕ ይቀንሳል፣ ሌላው ይደምራል። በስንት እያባዙ እንደሚቀንሱና እንደሚደምሩ የሚወስነው ግን ኦፕአምፑ ሳይሆን በዙሪያው የተሰኩት ሬዚስተሮች ጥምርታ ነው።

ኦፕአምፕ የተፈጠረውም ለሒሳብ ነው። በ1941 የቤል ላቦራቶሪስ መሐንዲስ ካርል ስዋርትዝል በቫኩም ቱቦ የሚሠራ ደማሪ ማጉያ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው አመለከተ። ማጉያው የፀረ አውሮፕላን መድፍ አቅጣጫን በሚያሰላ መሣሪያ ውስጥ አገልግሏል። ዛሬ ያ ሥራ በጥፍር በሚያህል ቺፕ ይሠራል፤ የስሌቱ ሕግ ግን አልተለወጠም።

ቺፑ ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ አንዱ የመደመር (+)፣ ሌላው የመቀነስ (−) ምልክት አለው። ከመውጫው ወደ − መግቢያው የሚመለስ ሬዚስተር ሲኖር ሁለት ነገሮችን ማስታወስ በቂ ነው። አንደኛ፣ ኦፕአምፑ መውጫውን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሁለቱን መግቢያዎች ቮልቴጅ እኩል ያደርጋል። ሁለተኛ፣ በመግቢያዎቹ በኩል ወደ ቺፑ የሚገባ ኮረንት የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የኦም ሕግ ነው።

ደማሪው

ቀላሉ ደማሪው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። + መግቢያው ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ − መግቢያውም በመጀመሪያው ሕግ ዜሮ ቮልት ላይ ይቆያል። ሁለት ሲግናሎች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሬዚስተር (Ra እና Rb) አልፈው ወደዚህ ነጥብ ይመጣሉ። ነጥቡ ዜሮ ላይ ስለሆነ አንዱ ሲግናል የሌላውን ኮረንት አይነካም። የሁለቱ ኮረንቶች ድምር ቺፑ ውስጥ መግባት ስለማይችል በመመለሻው ሬዚስተር Rf ብቻ ያልፋል፦

```
Vout = -(Rf/Ra × V1 + Rf/Rb × V2)
```

እያንዳንዱ ሲግናል የሚባዛበት ቁጥር በራሱ ሬዚስተርና በRf ጥምርታ ብቻ ይወሰናል። የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ ሰርኪዩቱ ምልክት እንደሚገለብጥ ያሳያል።

ለመለኪያችን የምንፈልገው ይህ ነው። ከቀናሹ የሚመጣው ሲግናል ከ−1 እስከ +1 ቮልት ይደርሳል፤ ቁጥሩን የሚያነበው ማይክሮኮንትሮለር ግን ከ0 እስከ 5 ቮልት ብቻ ይቀበላል። ዳርና ዳሩ ላይ ትርፍ ትተን ሲግናሉ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት እንዲሆን እናድርግ። የ2 ቮልቱ ስፋት 4 ቮልት መሆን ስላለበት በ2 ይባዛል፤ መካከሉም 2.5 ቮልት ላይ ይቀመጣል። 2.5 ቮልቱን ከተረጋጋ የ−5 ቮልት ምንጭ በግማሽ አባዝተን እናገኘዋለን፤ ሰርኪዩቱ ምልክት ስለሚገለብጥ −5 ቮልቱ +2.5 ሆኖ ይወጣል።

Rf 20 ኪሎ ኦም ይሁን። በ2 ለማባዛት Ra 10 ኪሎ ኦም፣ በግማሽ ለማባዛት Rb 40 ኪሎ ኦም ይሆናል። 40 በሱቅ በተለመዱት ቁጥሮች ውስጥ የለም፤ ቅርቡ 39 ነው። ሁለት ባለ 20 ኪሎ ኦም በተከታታይ ማያያዝ ግን ልክ 40 ይሰጣል። የሬዚስተሮቹን መጠን በእነዚህ አሥርና መቶ ኪሎ ኦሞች አካባቢ ማድረግ ይሻላል። በጣም ካነሱ ኦፕአምፑ ብዙ ኮረንት እንዲሰጥ ይገደዳል፤ በጣም ከበዙ ደግሞ ኢምንት ብለን የተውነው የመግቢያ ኮረንት ስሕተት መፍጠር ይጀምራል።

ቀናሹ

ኮረንቱን ለመለካት በባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ 0.01 ኦም የሆነ ሻንት እንቀጥላለን። 10 አምፔር ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 0.1 ቮልት ይፈጠራል። ሻንቱ ያን ጊዜ 1 ዋት ስለሚያቃጥል 3 ዋት የሚችል መግዛት ይበጃል።

ችግሩ ሁለቱም ጫፎች ከግራውንድ 12 ቮልት ያህል ከፍ ብለው መቀመጣቸው ነው። ተራራ ጫፍ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችን የቁመት ልዩነት ከባሕር ወለል ተነስቶ የመለካት ያህል ነው፤ ተራራውን ፍጹም እኩል አድርጎ ከሁለቱም ላይ ካልቀነሱት የጣት ልዩነቱ ይጠፋል።

ይህን የሚሠራው ባለ አራት ሬዚስተር ቀናሽ ነው። አንዱ የሻንት ጫፍ በR1 በኩል ወደ − መግቢያ ይሄዳል፤ ከመውጫው ወደዚያው መግቢያ R2 ይመለሳል። ሌላው ጫፍ በR3 በኩል ወደ + መግቢያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግራውንድ R4 ይወርዳል። የሁለቱ ጥንዶች ጥምርታ እኩል ከሆነ፣ ማለትም R2/R1 = R4/R3 ከሆነ፣ ውጤቱ ይህ ነው፦

```
Vout = R2/R1 × (V2 - V1)
```

V1 በR1 በኩል፣ V2 በR3 በኩል የሚገቡት ናቸው። 0.1 ቮልቱን 1 ቮልት ለማድረግ በ10 ማባዛት ያስፈልገናል፤ ስለዚህ R1 እና R3 10 ኪሎ ኦም፣ R2 እና R4 100 ኪሎ ኦም ይሁኑ። ደማሪው ምልክት ስለሚገለብጥ የሻንቱን የባትሪ ጫፍ ከR3፣ ሌላውን ጫፍ ከR1 ጋር እናገናኛለን። ያኔ ባትሪው ሲሞላ የመጨረሻው ቁጥር ከ2.5 ቮልት በላይ፣ ሲጎድል በታች ይሆናል።

አሁን ባትሪው 12.60 ቮልት ላይ ሆኖ በ6 አምፔር እየሞላ ነው እንበል። የሻንቱ ሌላ ጫፍ 12.66 ቮልት ነው። R3 እና R4 የባትሪውን ቮልቴጅ ተካፍለው + መግቢያው ላይ ከ12.60 አሥር አሥራ አንደኛውን፣ ማለትም 11.4545 ቮልት ያስቀምጣሉ። − መግቢያውም እዚያው ይሆናል። በR1 ላይ የሚወድቀው 12.66 − 11.4545 = 1.2055 ቮልት ነው። ይኸው ኮረንት አሥር እጥፍ በሆነው R2 ሲያልፍ አሥር እጥፍ፣ 12.055 ቮልት ይጥላል። መውጫው 11.4545 − 12.055 ሲሆን −0.6 ቮልት ይወጣል። 12 ቮልቱ ጠፍቶ ልዩነቱ ብቻ በአሥር ተባዝቶ ቀረ።

ይህ −0.6 ወደ ደማሪው ሲገባ በ10 ኪሎ ኦሙ 0.06 ሚሊ አምፔር ይፈጥራል። −5 ቮልቱ በ40 ኪሎ ኦሙ 0.125 ሚሊ አምፔር ይጨምራል። ድምሩ 0.185 ሚሊ አምፔር በ20 ኪሎ ኦሙ ሲያልፍ 3.7 ቮልት ይሰጣል። ማይክሮኮንትሮለሩ 2.5ን ቀንሶ ለ0.2 ሲያካፍል 6 አምፔር ያነባል።

ጥምርታው ሲዛነፍ

እስካሁን ሬዚስተሮቹ ልክ የተጻፈባቸውን ናቸው ብለን ነበር። ቡናማ የትክክለኝነት ቀለበት ያለው ሬዚስተር ግን እስከ 1 ከመቶ፣ ወርቃማው እስከ 5 ከመቶ ሊዛነፍ ይችላል።

ደማሪው ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። Ra በ1 ከመቶ ቢዛነፍ ሲግናሉ በ1 ከመቶ ይዛነፋል፤ 6 አምፔር 5.94 ይሆናል። ቀናሹ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአራቱ R2 ብቻ 101 ኪሎ ኦም ቢሆን ሁለቱ ጥምርታዎች እኩል መሆናቸው ይቀርና 12 ቮልቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ምንም ኮረንት ሳያልፍ መውጫው ላይ 0.109 ቮልት ያህል ይቀራል፤ ይህም 1.1 አምፔር የሌለ ኮረንት ነው። አራቱም ባለ 1 ከመቶዎች በመጥፎ አቅጣጫ ቢገጣጠሙ ስሕተቱ 4.3 አምፔር ይደርሳል። በባለ 5 ከመቶዎች 20 አምፔር ያህል ይሆናል፤ መለኪያው ከሚለካው እጥፍ ማለት ነው።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይደለም። የሚያስፈልገው የጥምርታዎቹ መመሳሰል እንጂ የቁጥሮቹ ፍጹምነት አይደለም። ከአንድ ከረጢት ብዙ ሬዚስተሮችን በማልቲሜተር ለክቶ እኩል የሚያነቡ ጥንዶችን መምረጥ ብዙ ይረዳል። ሁለቱም ባለ 10ዎች 10.05፣ ሁለቱም ባለ 100ዎች 100.4 ቢያነቡ 12 ቮልቱ ይጠፋል፤ ማባዣው ብቻ ከ10 ወደ 9.99 ይወርዳል። የቀረውን ለማስተካከል በR4 ፋንታ 91 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ብዙ ዙር የሚዞር 20 ኪሎ ኦም ፖታንሽዮሜትር በተከታታይ ማስገባት ይቻላል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ሁለቱን መግቢያዎች፣ ማለትም የR1ንና የR3ን የሻንት ጫፎች፣ አንድ ላይ አገናኝተው ግራውንድ ላይ ያድርጓቸውና የመጀመሪያውን ኦፕአምፕ መውጫ ያንብቡ። እዚህ የሚታየው የቺፑ የራሱ ስሕተት ነው። መግቢያው ላይ 2 ሚሊ ቮልት የሚዛነፍ ተራ ቺፕ በዚህ ሰርኪዩት በ11 ተባዝቶ 22 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 0.22 አምፔር ያሳስታል። ቀጥሎ ያገናኙትን ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉት። ንባቡ ከቀድሞው ከተለወጠ ለውጡ የሬዚስተሮቹ አለመመሳሰል ነው፤ የፊተኛው ንባብ እስኪመለስ ፖታንሽዮሜትሩን ያዙሩ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። ባትሪው ሲሞላ 14.4 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ የቺፑ መግቢያዎች 13.1 ቮልት ላይ ይሆናሉ። በ+15 እና −15 ቮልት የሚሠሩ አንዳንድ ኦፕአምፖች ይህን ያህል ከፍታ አይችሉምና የአምራቹን መግለጫ ማየት ግድ ነው። ሌላው፣ ኮረንቱ ከ12.5 አምፔር ቢያልፍ የደማሪው መውጫ 5 ቮልትን ጥሶ ማይክሮኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ስለሚችል በመካከላቸው መከላከያ ሬዚስተርና ዳዮድ ያስፈልጋል።

ለሬዚስተር የሚያወጡት ገንዘብም ሆነ ጊዜ ውስን ከሆነ በደማሪው ላይ አያባክኑት፤ በቀናሹ አራት ሬዚስተሮች ላይ ያውሉት። መለኪያው እውነት መናገሩን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።