እሳት ያልበላው መርፌ

አንዲት ነርስ መርፌ ወግታ ስትጨርስ ሲሪንጁን ከነመርፌው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ትጥለዋለች። ክዳኑን መልሳ አትገጥምም፤ ጤና ባለሙያ በመርፌ ከሚወጋባቸው ጊዜያት አንዱ ክዳን ሊመልስ ሲል ነውና። የተለመደው ባለ 5 ሊትር ሳጥን መቶ ያህል ሲሪንጅ ይይዛል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ የጽዳት ሠራተኛው ይወስደዋል። ታካሚው ከዚያ ወዲያ ስለ ሳጥኑ አያስብም። ሳጥኑ ግን ገና መንገድ ይቀረዋል፤ ወይ ጓሮ ወዳለው ማቃጠያ ይሄዳል፣ ወይ በእንፋሎት ወደሚሠራው አውቶክሌቭ።

በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችንና ሆስፒታሎቻችን ጓሮ የሚታየው ከጡብ የተሠራ ትንሽ ማቃጠያ ነው። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ደ ሞንትፎርት የሚባለው ሲሆን፣ ንድፉን ያወጡት በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ በሚገኘው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጂም ፒከን ናቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያው ክፍል ቆሻሻው ይነዳል፣ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከቆሻሻው የወጣው ጭስ ወደ ጭስ ማውጫው ከመግባቱ በፊት እንደገና ይነዳል። ይህ ሁለተኛው ክፍል በቂ ሙቀት ከሌለው ማቃጠያው ጭስ ማውጫ የተገጠመለት ምድጃ ነው።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ጡቡ እስኪግል ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል በደረቅ እንጨት መሞቅ አለበት። ቆሻሻ መጨመር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በጥቂት በጥቂቱ። በተግባር ግን እንጨት የለም፣ ሰዓቱ ሄዷል፣ ሳጥኑ ተከምሯል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ይታጨቅና ነጭ ጋዝ ተርከፍክፎበት ክብሪት ይጫራል። እርጥብ ፋሻ ከገባበት ደግሞ ሙቀቱ ይባስ ይወድቃል። ምልክቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ከወጣ እሳቱ እየሠራ አይደለም። የግሉኮስ ከረጢትና ቱቦ ከሚሠራባቸው ፕላስቲኮች አንዱ ፒቪሲ ነው፤ ክሎሪን አለበት። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በደካማ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲንና ፉራን የሚባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። እነዚህ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በወተትና በሥጋም ወደ ሰው ይመለሳሉ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ2001 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም ስምምነት የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያን የእነዚህ መርዞች ዋና ምንጭ ከሆኑት መካከል በስም ይጠቅሰዋል። መርዙን በሚገባ ለመቀነስ ጭሱ ከ850 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ መቆየት፣ ከዚያም በፍጥነት ቀዝቅዞ በማጣሪያ ማለፍ ይኖርበታል። የጓሮው ጡብ ማጣሪያ የለውም።

ጭሱ ይታያል፤ ስለዚህ ጎረቤት ያማርራል፣ ኃላፊ ይጠየቃል። የሚረሳው አመዱ ነው። እኛ አገር አመድ ጥቅም እንጂ ጉዳት ያለው ነገር ተብሎ አይታሰብም። ዕቃ ይታጠብበታል፣ ሽንት ቤት ይነሰነስበታል፣ ለጓሮ ጎመንም ይበተናል። የእንጨት አመድ ስለሆነ ልክ ነው። የማቃጠያው አመድ ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌ የሚሠራበት ብረት ለመቅለጥ 1400 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ማቃጠያው በደህና ቀኑ 800 ወይም 900 ቢደርስ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሲጠፋ መርፌው ጠቁሮ፣ ነገር ግን እንደሾለ ይቀራል። የብልቃጡ ብርጭቆ ግማሹ ፈንድቶ ስባሪ ይሆናል፣ ግማሹ ቀልጦ የማቃጠያውን ፍርግርግ ይደፍናል። ከቀለም፣ ከባትሪና ከፕላስቲክ የመጡ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችም አይነዱም፤ ዱቄቱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እሳቱ በአግባቡ ነዶ ከሆነ በመርፌው ላይ ቫይረስ አይኖርም። ቢሆንም የሚወጋ መርፌ ነው፤ የሚወጋውም አመዱን የሚዝቀውን ሰው ነው።

ስለዚህ አመድ በዕለቱ አይወጣም፤ አድሮ ጠዋት ነው። የሚያወጣው ሰው ቦት ጫማ፣ ወፍራም ጓንትና ማስክ ያደርጋል፣ ዱቄቱ እንዳይቦን ትንሽ ውኃ ያርከፈክፍበታል፣ በረጅም አካፋ ይዝቃል፤ በእጁ ምንም አይለቅምም። አመዱ የሚሄደው ለእርሱ ብቻ ወደተዘጋጀ ጉድጓድ ነው። ወለሉና ግድግዳው ውኃ እንዳያሰርግ ሆኖ ይሠራል፤ ዝናብ የማያስገባና የሚቆለፍ ክዳን አለው፤ ዙሪያውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይወጣለታል። የጉድጓዱ ወለል የከርሰ ምድር ውኃ ክረምት ላይ ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በጋ ላይ ተቆፍሮ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ውኃ ካቆረ፣ ብረቱ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። አመዱ ብዙ ብረት አለበት ተብሎ ከተጠረጠረ ከሲሚንቶ፣ ከኖራና ከውኃ ጋር ተቦክቶ ጠጣር ሆኖ ይቀበራል።

አውቶክሌቭ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ጭስ የለውም፣ አመድ የለውም። የሚገድለው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። ትኩስ ኦቭን ውስጥ እጅን ለአፍታ ማስገባት ይቻላል፤ ከድስት ክዳን ሥር የወጣ እንፋሎት ግን ሙቀቱ ከኦቭኑ በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ ወዲያው ይልጣል። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ የተሸከመውን ሙቀት በሙሉ ያወርድበታል። ይህ እንዲሆን ግን እንፋሎቱ እያንዳንዱን ሲሪንጅ መንካት አለበት። በተቋጠረ ከረጢትና በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አየር ካለ እንፋሎቱ አይገባም፤ የማሽኑ መስታወት 121 ዲግሪ እያሳየ የከረጢቱ መሀል ግን ከዚያ በታች ይሆናል። ለዚህ ነው ለቆሻሻ የሚመረጠው አየሩን አስቀድሞ በፓምፕ የሚስበው ዓይነት የሆነው። ያ ከሌለ ከረጢቱ አፉ ተከፍቶ፣ ሳይታጨቅ ይገባል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከፍታችን። ብዙ አሮጌ አውቶክሌቮች የሚሠሩት የግፊት መለኪያቸውን በማየት ነው፤ መመሪያው «መርፌው አንድ ባር ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው፣ 30 ደቂቃ ቁጠር» ይላል። ይህ የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የውጭው አየር ግፊት ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ውኃም የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መለኪያው አንድ ባር ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አራት ዲግሪ ምን አላት ይባል ይሆናል። ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ሙቀቱ በየአሥር ዲግሪው ሲቀንስ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ በአራት ዲግሪ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ይበቃው የነበረው ከረጢት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። መፍትሔው ግፊቱን ወደ 1.3 ባር ማድረስ ነው፤ ማሽኑ የተሠራበት የግፊት ወሰን የሚፈቅድ ከሆነ። ከሁሉ የተሻለው በግፊት ሳይሆን በቴርሞሜትር መሥራት ነው።

የአውቶክሌቭ ክፉ ጠባይም ይሄው ነው፤ ሳይሠራ ሲቀር ጥቁር ጭስ አያወጣም። የታከመው ከረጢትና ያልታከመው ከረጢት መልካቸው አንድ ነው። ከላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ቀለሙን መቀየሩ የከረጢቱ ውጭ መሞቁን እንጂ መሀሉን አይናገርም። ትክክለኛው ፈተና ሙቀት የሚችል የባክቴሪያ ዘር ያለባትን ትንሽ ብልቃጥ ከረጢቱ መሀል ቀብሮ ማሽኑን ማስኬድ ነው። ከዚያ ብልቃጧ ማሽን ካልገባች ሌላ ብልቃጥ ጋር 56 ዲግሪ አካባቢ ታድራለች። በብዙ ጊዜ የሚገኘው ዓይነት ሐምራዊ ነው፤ ያልገባችው ወደ ቢጫ ተለውጣ የገባችው ሐምራዊ እንደሆነች ከቆየች ዘሩ ሞቷል። ሁለቱም ቢጫ ከሆኑ የዚያ ዙር ከረጢቶች ሁሉ እንዳልታከሙ ይቆጠራሉ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋም ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ የብዙዎች ዕቅድ የሚቆምበት ቦታ ነው። ማቃጠያው ቆሻሻውን ወደ እፍኝ አመድ ይለውጠዋል፤ አውቶክሌቩ ግን በእርጥበት የከበደ ያው ከረጢት ይመልሳል። ሲሪንጁ እንደ ሲሪንጅ ከቆሻሻ መጣያ ከደረሰ አንሥቶ የሚሸጠው አይጠፋም፤ ስለዚህ መፍጫ ማሽን ያስፈልጋል፣ ወይም መርፌው ገና ዋርድ ሳለ በመቁረጫ መለየት አለበት። በካትማንዱ በሚገኘው ቢር ሆስፒታል በዚህ መንገድ የታከመው ፕላስቲክ ለሪሳይክል ተሽጧል። እንግዴ ልጅ፣ የተቆረጠ አካል፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የካንሰር መድኃኒትና የተሰበረ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር አውቶክሌቭ አይገቡም። እንግዴ ልጅ የራሱ ጉድጓድ አለው። መድኃኒቶቹንና ሜርኩሪውን ለጓሮው ማቃጠያም መስጠት ስህተት ነው፤ ሙቀቱ ለካንሰር መድኃኒት አይበቃም፣ ሜርኩሪው ደግሞ ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ሁለቱን ሳነጻጽር የሚያሳዝነኝ ክርክሩ ሁልጊዜ ከማሽኑ መጀመሩ ነው። በቀን 40 ኪሎ ቆሻሻ የሚያወጣ ሆስፒታል እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶው ከቤት ቆሻሻ የተለየ አይደለም፤ አደገኛው 6 ኪሎ ብቻ ነው። ወረቀቱና የብርቱካን ልጣጩ ወደ ጥቁሩ ባልዲ፣ ደም የነካው ወደ ቢጫው ከገባ በሰዓት 12 ኪሎ የሚያነድ ማቃጠያ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል፤ አነስተኛ አውቶክሌቭም በአንድ ሁለት ዙር ይወጣዋል። ከተቀላቀለ 40ውም ኪሎ አደገኛ ነው። ያን ጊዜ ማቃጠያው ከሦስት ሰዓት በላይ ይነዳል፣ አውቶክሌቩም ቀኑን ሙሉ ዞሮ አይጨርስም።

መብራትና ውኃ ባለበት፣ መለዋወጫና ጠጋኝ በሚገኝበት ከተማ እኔ አውቶክሌቭ እመርጣለሁ። በአፍሪካም ጋና፣ ማዳጋስካር፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ይህን መንገድ በሆስፒታሎቻቸው ሞክረውታል። መብራት በሳምንት ለጥቂት ቀን በሚመጣበት ገጠር ግን በአግባቡ ሞቆ የሚነድ ማቃጠያ፣ ከማይሠራ አውቶክሌቭና በሜዳ ላይ ከሚነድ ክምር ይሻላል። ማቃጠያው ጡረታ ሲወጣም አመዱ አብሮ አይወጣም። ጉድጓዱ አፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በኮንክሪት ይዘጋል፣ ቦታውም በግቢው ፕላን ላይ ይሰፍራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ኮንትራክተር ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ወይም ለውኃ ጉድጓድ እዚያው እንዳይቆፍር።