ለባንክ የሚጻፍ የብድር መክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ

ብድሩን በጊዜው መክፈል ያቃተው ነጋዴ ለባንክ ሲያመለክት ችግሩን ብቻ መዘርዘር አይበቃውም። ባንኩ ማወቅ የሚሻው ቀሪው ዕዳ ከምን ገቢ እንደሚከፈል ነው።

ለምሳሌ አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት 96,000 ብር ዋና ዕዳ ቀርቶባታል እንበል። ዕዳውን በ12 ወር ለመጨረስ በየወሩ 8,000 ብርና ወለዱን መክፈል አለባት። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 9,200 ብር ነው። ይሁን እንጂ የሠፈሩ መንገድ ለጥገና በመዘጋቱ ገበያዋ ቀንሷል፤ አሁን ከሥራውና ከቤት ወጪ የሚተርፋት በወር 5,800 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የማመልከቻዋ ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፤

«ቀሪውን ዕዳ በ24 ወር እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። በየወሩ 4,000 ብርና ወለዱን እከፍላለሁ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ 5,200 ብር ሲሆን ዕዳው በቀነሰ ቁጥር ወለዱም ይቀንሳል። ገቢዬን የሚያሳይ የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫ አያይዤ አቅርቤአለሁ።»

ክፍያው ከሚተርፋት ገንዘብ በ600 ብር ማነሱን ልብ በሉ። ዕቅዱን የሚታመን የሚያደርገው ይህ ነው፤ 5,800 ብሩን በሙሉ እከፍላለሁ ብትል ኖሮ አንድ ቀን ምድጃው ቢበላሽ ቃሏ ይፈርስ ነበር። በሌላ በኩል ጊዜው ሲረዝም ጠቅላላው ወለድ ከ7,800 ወደ 15,000 ብር ከፍ ይላል። አመልካች ይህን አስቀድሞ ማስላት፣ ማመልከቻውንም የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ማቅረብ ይገባዋል።